ጸድቆ የማይለቀቅ ብድር፦ ለብሔራዊ ባንክ የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የባንኩ የወለድ ተመንና የብድር ዕድገት ጣሪያ እርስ በርስ መጠላለፋቸውን ስለማመልከት

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የገንዘብ ፖሊሲውን በወለድ ተመን መምራት ሲጀምር ተመኑን 15 በመቶ ላይ ቆረጠው። ቁጥሩ በዜና ሲነገር ቆጣቢው «ያስቀመጥኩት 15 በመቶ ሊወልድልኝ ነው» አለ፤ ተበዳሪው ደግሞ «ብድሬ ወደ 15 ሊወርድ ነው» ብሎ ጠበቀ። ሁለቱም የጠበቁትን አላገኙም። 15 በመቶው የእነርሱ ዋጋ አይደለምና ሊያገኙም አይችሉም ነበር። እሱ ብሔራዊ ባንክ ከባንኮች ጋር ሲገበያይ የሚጠቀምበት ዋጋ ነው፤ ወደ ቆጣቢውና ወደ ተበዳሪው የሚደርሰው በባንኮቹ ሒሳብ ውስጥ አልፎ ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍነውም በዚያ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ተዘግቶ ስላየን ነው፤ ባንኮች ብድራቸውን በዓመት ከተወሰነ መቶኛ በላይ እንዳያሳድጉ የሚከለክለው የብድር ዕድገት ጣሪያ ጋ።

እናንተ የምታውቁትን መልሰን ልናስተምራችሁ አይደለም። ደብዳቤው ግልጽ ነውና ሌላውም አንባቢ አብሮን እንዲሄድ ከመነሻው እንጀምር።

እያንዳንዱ ባንክ ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ሒሳብ አለው። የአንዱ ባንክ ደንበኛ ለሌላው ባንክ ደንበኛ ገንዘብ ሲያስተላልፍ በመጨረሻ የሚወራረደው በዚያ ሒሳብ ነው። አንድ ቀን ከባንክ «ሀ» ደንበኞች 300 ሚሊዮን ብር ወደ ባንክ «ለ» ሄደ እንበል። ማምሻውን የ«ሀ» ሒሳብ ጎደለ፣ የ«ለ» ተረፈ። የ«ሀ» የትሬዠሪ ክፍል ጉድለቱን ሳይሞላ ማደር አይችልም። ከ«ለ» ወይም ከሌላ ባንክ ሊበደር ይችላል፤ ካልተሳካለት ወደ እናንተ መጥቶ የአንድ ቀን ብድር ይወስዳል። የእናንተ የአንድ ቀን ብድር ከተመኑ በ3 ነጥብ ይበልጣል፣ ማለትም 18 በመቶ ነው። የተረፈው ባንክ በፊናው ገንዘቡን እናንተ ዘንድ ሲያሳድር ከተመኑ በ3 ነጥብ ያነሰ፣ 12 በመቶ ያገኛል።

ከዚህ በኋላ ያለው የገበያ ጠባይ ነው። እናንተ 12 የምትከፍሉትን ገንዘብ «ለ» ለሌላ ባንክ በ11 አያበድርም። እናንተ በ18 የምትሰጡትን «ሀ» ከሌላ ባንክ በ19 አይበደርም። ስለዚህ ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ዋጋ በ12ና በ18 መካከል ተወስኖ ይቀራል። እናንተ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ በምታካሂዱት ጨረታ የተረፈ ገንዘብ እየሰበሰባችሁ ወይም የጎደለ እየጨመራችሁ ወደ 15 ትጎትቱታላችሁ። በገንዘብ ስንተምነው፣ በ300 ሚሊዮን ብር ላይ የአንድ ቀን ወለድ በ18 በመቶ ወደ 148 ሺህ ብር፣ በ15 ወደ 123 ሺህ፣ በ12 ደግሞ ወደ 98,600 ብር ገደማ ነው። በቀን 25 ሺህ ብር ለአንድ ባንክ ምንም ላይመስል ይችላል። ጉድለቱ ሳይሞላ ወራት ሲቆጠሩ ግን የባንኩ አመራር «ከቆጣቢ ርካሽ ገንዘብ ማምጣት አለብን» የሚለው ይህንኑ ሒሳብ ይዞ ነው።

ኮሚቴው ተመኑን ከ15 ወደ 17 አሳደገ እንበል። ባንኮች እናንተ ዘንድ ገንዘብ የሚያሳድሩበት የታችኛው በር 14፣ ከእናንተ የሚበደሩበት የላይኛው 20 ይሆናል። ገንዘብ የተረፈው ባንክ እጁን አጣጥፎ፣ ያለ አንዳች ሥጋት፣ 14 በመቶ ያገኛል። እንዲህ ከሆነ ነጋዴ አይከፍለኝ ይሆናል በሚል ፍርሃት የታጀበውን ብድር በ15 ለምን ይሰጣል? ቢያንስ 19 ወይም 20 ይጠይቃል። ገንዘብ የጎደለው ባንክ ደግሞ ከእናንተ በ20 ከሚበደር ለቆጣቢ 11 ወይም 12 ከፍሎ ማሰባሰብ ይሻለዋል። የብድሩ ዋጋም የቁጠባው ዋጋም አብረው የሚንቀሳቀሱት እንዲህ ነው፤ ማንም ትእዛዝ አልሰጠም። ተመኑ ሲወርድም ያው ሒሳብ ወደ ኋላ ይሠራል።

ተበዳሪው ጋ ሲደርስ ደግሞ የአገራችን ውል አንድ ልዩ ጠባይ አለው። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት የአገሩ ማዕከላዊ ባንክ ከመጋቢት 2022 እስከ ሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ወለዱን ከዜሮ አካባቢ ወደ 5.25–5.50 በመቶ ሲያወጣ፣ ቀደም ብሎ በ30 ዓመት ቋሚ ወለድ ቤት የገዛ ሰው ወርኃዊ ክፍያው በአንድ ሳንቲም እንኳ አልጨመረበትም። የተጎዳው አዲስ ገዢው ነው። በእኛ አገር የብድር ውል ግን ባንኩ ወለዱን በማናቸውም ጊዜ መለወጥ እንደሚችል የሚገልጽ አንቀጽ ማስገባት የተለመደ ነው። ደብዳቤ ይመጣል፣ ነባሩ ብድር ይወደዳል። ከዚህ ተነሥቶ የእናንተ ውሳኔ ከአሜሪካው ይልቅ እዚህ ፈጥኖ ወደ ሰው ኪስ መድረስ ነበረበት።

በቁጥር እንየው። አንድ የዳቦ ጋጋሪ ለማሽንና ለማቡኪያ 2 ሚሊዮን ብር በ5 ዓመት በየወሩ እኩል ሊከፍል ተበደረ። ወለዱ 16 በመቶ ከሆነ ወርኃዊ ክፍያው 48,636 ብር ገደማ ነው። በ19 በመቶ 51,881 ይሆናል። ልዩነቱ በወር ወደ 3,245 ብር ነው፤ በ5 ዓመት ወደ 195 ሺህ ይጠጋል። ይህ ሰው በወለዱ ምክንያት ማሽኑን አይተወውም ይሆናል፤ ሁለተኛውን ቅርንጫፍ የመክፈት ሐሳቡን ግን ያዘገየዋል። የሁለተኛውን ቅርንጫፍ ቤት የሚያድሰው ግንበኛ፣ እንጨት ሠሪውና ሁለቱ አስተናጋጆችም ሥራቸው በዚያው ይዘገያል። ወለድ ሲጨምር ፍላጎት ይቀዘቅዛል ሲባል የሚወራው ስለ እነዚህ ሰዎች ነው፤ ዋጋውን የሚከፍሉ ሰዎች መኖራቸውን መደበቅ አይገባም።

ዋጋ ላይ ትልቁን ጡንቻ የሚያሳየው ግን የማሽን ብድር ሳይሆን የሸቀጥ ብድር ነው ብለን እናምናለን። አንድ የመርካቶ ጅምላ ነጋዴ በ5 ሚሊዮን ብር ብድር ፌሮ ገዝቶ ለ6 ወር መጋዘን ውስጥ ቢያስቀምጠው ምን ያገኛል? የፌሮ ዋጋ በ6 ወር 10 በመቶ ይጨምራል ብሎ ከጠበቀ 500 ሺህ ብር ትርፍ ይታየዋል። ብድሩ 14 በመቶ ከሆነ የ6 ወር ወለዱ 350 ሺህ ነው፤ ምንም ሳይሠራ፣ በር ቆልፎ በመቀመጥ ብቻ፣ የመጋዘን ኪራዩ ሳይቀነስ 150 ሺህ ይተርፈዋል። ብድሩ 20 በመቶ ከሆነ ወለዱ 500 ሺህ ይሆንና ትርፉ ይጠፋል፤ ከኪራዩ ጋር እንዲያውም ይከስራል። ያን ጊዜ የሚያዋጣው ፌሮውን በሁለት ወር ሸጦ ብድሩን መመለስ፣ በጥሬ ገንዘብ ለሚገዛም ዋጋ መቀነስ ነው። መጋዘን ውስጥ የነበረው ዕቃ ገበያ ላይ ይወጣል።

በዚህ ስሌት ውስጥ ወሳኙ ቁጥር 14 ወይም 20 ብቻውን አይደለም፤ ነጋዴው ከሚጠብቀው የዋጋ ጭማሪ ጋር ያለው ልዩነት ነው። የዋጋ ጭማሪው በዓመት 30 በመቶ ይሆናል ብሎ ለሚጠብቅ ሰው 20 በመቶ ወለድ ርካሽ ነው። በ2014 ዓ.ም. ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ ብድር ያገኘ ሁሉ ወደ ቦታ፣ ወደ መኪና፣ ወደ ብረትና ሲሚንቶ የሮጠው ስግብግብ ስለሆነ ብቻ አልነበረም፤ ሒሳቡን አውቆ ነው። ባንክ የሚከፍለው ወለድ ከዕቃው ዋጋ ጭማሪ በታች ከሆነ ብር ይዞ መቆየት ኪሳራ፣ ዕዳ ደግሞ ሀብት ይሆናል።

ስለ ቆጣቢው ደግሞ አንድ ነገር እናንሣ። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በጥቅምት 2010 ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ካለ ወዲህ ብዙው ተራ ቆጣቢ 7 አካባቢ እንደተቀመጠ ነው። ግሽበቱ 14 በመቶ በሆነበት ዓመት 100 ሺህ ብር ያስቀመጠች እናት በዓመቱ መጨረሻ 107 ሺህ ታገኛለች፤ በመጀመሪያ በ100 ሺህ ትገዛው የነበረው አስቤዛ ግን 114 ሺህ ሆኗል። ገንዘቧ ከመግዛት አቅሙ 6 በመቶ ያህል አጥቷል። ከፍ ያለ ገንዘብ ያለው ድርጅት ግን በጊዜ ገደብ ሲያስቀምጥ ተደራድሮ ከዚያ እጅግ የተሻለ ወለድ ያገኛል። የእናንተ ተመን ለትልቁ ቆጣቢ በድርድር ደርሶታል፤ ለትንሹ አልደረሰውም። ለምን አልደረሰውም ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቀጥሎ ከምናነሣው ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው።

በነሐሴ 2015 ባንኩ ግሽበትን ለማርገብ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ያኔ ውሳኔው ትክክል ነበር እንላለን፤ የወለድ መሣሪያው ገና አልተሠራም፣ ብድርም ከዋጋ በታች ይሸጥ ነበር። በታኅሣሥ 2017 ጣሪያው ወደ 18፣ በመስከረም 2018 ደግሞ ወደ 24 በመቶ ከፍ ሲል የ15 በመቶው ተመን ባለበት ጸና። እንዲህ ሁለቱ አብረው ሲኖሩ ምን እንደሚፈጠር በአንድ ባንክ ሒሳብ እንመልከት፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ብቻ ናቸው።

ባንኩ በሰኔ መጨረሻ 40 ቢሊዮን ብር ብድር አለው። በ24 በመቶ ጣሪያ በዓመቱ መጨመር የሚችለው 9.6 ቢሊዮን ነው። በዓመቱ ውስጥ ግን 14 ቢሊዮን አዲስ ተቀማጭ ሰበሰበ፤ ብድር ጠያቂዎቹ ደግሞ 16 ቢሊዮን ጠይቀዋል። የግዴታ መጠባበቂያውን ለጊዜው ብንተወው እንኳ 4.4 ቢሊዮን ብር ማበደር ሳይፈቀድለት ይተርፈዋል፤ ይህን የግምጃ ቤት ሰነድ ይገዛበታል ወይም እናንተ ዘንድ ያሳድረዋል።

አሁን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። 16 ቢሊዮን የሚጠይቅ ሰው ተሰልፎ 9.6 ብቻ የሚሸጥ ባንክ ዋጋውን ሰልፉ በሚችለው ልክ ያወጣዋል፤ 20 ወይም 22 ይጠይቃል፣ ያገኛልም። ቆጣቢው ዘንድ ደግሞ ማበደር የማይችለውን ተጨማሪ ብር ለመሰብሰብ ወለድ የሚጨምርበት ምክንያት የለውም፤ 7 ላይ ይቆያል። በብድርና በቁጠባ ወለድ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፤ ጣሪያው ሳይታሰብ ከተበዳሪውም ከቆጣቢውም ወስዶ ለባንኩ ይሰጣል። ያቺን እናት 7 በመቶ ላይ የተዋት ስስታም ባንክ ብቻ አይደለም።

በዚህ ሁኔታ ኮሚቴው ተመኑን ከ15 ወደ 13 ቢያወርድ ተበዳሪው ምን ያገኛል? ምንም። የ9.6 ቢሊዮኑን ዋጋ የሚወስነው ሰልፉ እንጂ ተመኑ አይደለም። የሚለወጠው ባንኩ በ4.4 ቢሊዮኑ ላይ የሚያገኘው ገቢ ብቻ ነው። ወደ 17 ቢያሳድገውም ያው ነው፤ የተበደረው መጠን አስቀድሞ በጣሪያ ተወስኗልና የሚቀር ብድር የለም፣ ባንኩ ግን በተረፈው ገንዘብ የበለጠ ያተርፋል። መሪው ከጎማው ጋር ሳይያያዝ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ማዞር እንደማለት ነው።

ሰልፉ ዋጋ ከማስወደድ ሌላ ሰውንም ይመርጣል። ገንዘቡ ውስን ሲሆን የብድር ኮሚቴ ቀድሞ የሚያየው ነባር ደንበኛን፣ ትልቅ ሕንፃ ያስያዘውን፣ የውጭ ምንዛሪ የሚያመጣለትን ነው። የዳቦ ጋጋሪው ብድር ይጸድቃል፤ ግን አይለቀቅም። «ጸድቆልሃል፣ ፈንድ ሲኖር እንደውልልሃለን» የሚለውን አባባል ብድር የጠየቀ ሁሉ ያውቀዋል። በወለድ የሚመራ ሥርዓት ቢሆን ኖሮ 20 በመቶ የማያዋጣው የፌሮ ክምችት ራሱ ከሰልፉ ይወጣና የሚያዋጣው ማሽን ቦታውን ያገኝ ነበር። በጣሪያው ሥር ግን ክምችቱ ትልቅ መያዣ ካለው፣ ማሽኑም መያዣ ከሌለው፣ የሚለቀቀው ለክምችቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ፍትሐዊ ተቃውሞ አለ። «ባንኮች ገንዘብ የላቸውም፤ ብድር ያልተለቀቀው በጣሪያው ምክንያት ሳይሆን በእጥረት ነው» የሚሉ አሉ። አንዳንድ ባንክ ላይ እውነት ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በሽታዎች ከውጭ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም ብድር የለም። የሚለዩት በአንድ ምልክት ነው፣ እሱም ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ዋጋ። ዋጋው ወደ 18 ተጠግቶ ከቆየ ባንኮቹ በእርግጥ ገንዘብ አጥሯቸዋል፤ መድኃኒቱ በየሁለት ሳምንቱ ጨረታ ገንዘብ መጨመር ነው። ወደ 12 ወርዶ ተኝቶ፣ የደንበኛው ብድር ግን 20ን ካለፈ፣ ገንዘቡ አለ፣ የያዘው ጣሪያው ነው። ሦስተኛም መልክ አለ፦ ትልልቆቹ ባንኮች ተርፏቸው ትንንሾቹ ሲጎድላቸውና ትልልቆቹ ለትንንሾቹ ለማበደር ሲፈሩ። ያኔ አማካዩ ዋጋ 15 ላይ ያለ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን አንዱ በ12 ሲያሳድር ሌላው በ18 እየተበደረ ነው። ከእናንተ ለመበደር ደግሞ የግምጃ ቤት ሰነድን የመሰለ መያዣ ያስፈልጋል፤ ሰነዱን የጨረሰ ባንክ ለእሱ የ18 በመቶው በር ተዘግቷል። ስለዚህ አማካይ ቁጥር ብቻ ማውጣት አይበቃም።

«ጣሪያውን አንሡ» ብለን ብቻ ብናቆም ግን ጥፋት መምከር ይሆንብናል። ጣሪያ ሲነሣ ወለዱ ከሚጠበቀው ግሽበት በታች ከሆነ ቀደም ብለን ያየነው የፌሮ ሒሳብ በአገር ደረጃ ይደገማል። ቱርክ ይህን በቅርቡ አሳይታናለች። ማዕከላዊ ባንኳ በመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ግሽበት 20 በመቶ አካባቢ ሳለ ወለዱን ከ19 መቀነስ ጀምሮ በታኅሣሥ 14 አደረሰው። ሰው በርካሽ እየተበደረ ዶላር፣ መኪናና ቤት ገዛ፤ ሊራው ወደቀ፤ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ተወደደ፤ በጥቅምት 2022 ዓመታዊው ግሽበት ከ85 በመቶ አለፈ። ከዚያ በኋላ ለመመለስ ከሰኔ 2023 እስከ መጋቢት 2024 ባለው ጊዜ ወለዱን ከ8.5 ወደ 50 በመቶ ማውጣት ግድ ሆነባት። ከ19 በመነሣት ትንሽ ጨምሮ መታገሥ ይቻል የነበረው ነገር ነው።

የእኛ ግሽበት በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ15 በመቶ በታች ወርዷል። ተመኑ ግሽበቱን ያለፈበት ይህ ጊዜ ጣሪያውን ለመተው የተሻለው ጊዜ ነው። ግሽበቱ ተመልሶ ተመኑን ካለፈው መጀመሪያ መነካት ያለበት ተመኑ ነው፤ ጣሪያውን ወደ 18 መመለስ አይደለም።

ወለድ የማይደርስበትንም እንናገር፤ የማይችለውን ይችላል ብሎ የጠበቀ ሰው የሚችለውንም አያምንምና። ክረምቱ ከፍቶ የጤፍ ምርት ቢቀንስ፣ መንገድ ተዘግቶ እህል ወደ ከተማ ባይገባ፣ የነዳጅ ዋጋ ቢጨምር፣ 20 በመቶ ወለድ አንድ ኩንታል ጤፍ አያበቅልም። ብድር ከባንክ ወስዶ የማያውቀው ገበሬም የእናንተን ተመን በቀጥታ አይሰማውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል፤ ያ ዝላይ በዘይትና በመድኃኒት ዋጋ ላይ ያመጣውን ማንም ወለድ ሊመልሰው አይችልም። ወለድ ማድረግ የሚችለው ዝላዩ እንዳይደገም ማገዝ ነው፦ ብር ይዞ 15 የሚያገኝ ሰው ዶላር ሸሽጎ ለመቀመጥ የሚቸኩልበት ምክንያት ይቀንሳል። ቤተሰቡ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የላከለትን ገንዘብ በባንክ መንዝሮ ቁጠባ ውስጥ ማስገባትም ያኔ ሒሳብ ይሆናል። በ7 በመቶ ግን አይሆንም።

ፍጥነቱም ቢሆን ያዘግማል። ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ዋጋ በቀናት ይንቀሳቀሳል። የአዲስ ብድር ዋጋ በሳምንታት፣ የነባሩ ደብዳቤው ሲደርስ፣ የጊዜ ገደብ ተቀማጩ ደግሞ ውሉ ሲያልቅ ይለወጣል። የሱቅ ዋጋ ላይ ለመታየት ብዙ ጊዜ ከመንፈቅ እስከ ዓመት ተኩል ይወስዳል። ዛሬ የምትወስኑት የመጪውን ዓመት ዋጋ ነውና በያዝነው ወር የሽንኩርት ዋጋ ተነሥቶ መጯጯህ ሊያስደነግጣችሁ አይገባም።

የምንጠይቃችሁ እነዚህን ነው። ባንኮች እርስ በርስ የተበዳደሩበትን ዋጋ በየሳምንቱ ይፋ አድርጉ፤ አማካዩን ብቻ ሳይሆን ትንሹንና ትልቁን፣ በ18 በመቶው በር የወጣውንና በ12 በመቶው ያደረውን መጠንም ጭምር። ከአጠገቡ የአዲስ ብድርና የአዲስ ቁጠባ አማካይ ወለድ ይውጣ። ሦስቱ ቁጥሮች አንድ ገጽ ላይ ከተቀመጡ ተመኑ የት ጋ እንደተያዘ ማንም ሰው ያየዋል፤ እኛም የተሳሳትን እንደሆነ በዚያው ይታወቃል።

ጣሪያውን በአንድ ሌሊት አታንሡት፤ ቀኑን ግን አስቀድማችሁ ንገሩን። ለምሳሌ ከ24 ወደ 30፣ ከዚያ በሁለት ሩብ ዓመት ውስጥ ጨርሶ ማንሣት። በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ በየደረጃው ላይ ተመኑ ከተመዘገበው ግሽበት ዝቅ ብሎ ከተገኘ እርምጃው ይቆያል፣ ተመኑም ይነሣል። ባንኮች ቀኑን ካወቁ ተቀማጭ ለመሰብሰብ ከአሁኑ ይሽቀዳደማሉ፤ የቁጠባው ወለድ ያለ ትእዛዝ ከ7 መላቀቅ የሚጀምረው ያኔ ነው። ዝቅተኛውን ወለድ በመመሪያ ወደ 10 ወይም 12 ስቀሉት የሚሉ አሉ፤ ጣሪያው ሳይነሣ ይህን ብታደርጉ ባንኩ ጭማሪውን ሰልፍ ላይ ባለው ተበዳሪ ላይ ይጭነዋልና ቅደም ተከተሉን ጠብቁልን።

የብድር ውሉን በተመለከተ፣ ባንክ ወለድ ሲለውጥ ለውጡን ከእናንተ ተመን ጋር አያይዞ እንዲጽፍ አስገድዱ፦ «ከብሔራዊ ባንክ ተመን በላይ 4 ነጥብ» ይበል እንጂ «ባንኩ እንዳስፈላጊነቱ» አይበል። ያን ጊዜ ተመኑ ሲወርድ የጋጋሪው ክፍያም በራሱ ይወርዳል፤ እስካሁን ባለው አሠራር ደብዳቤው ለጭማሪ እንጂ ለቅናሽ ሲመጣ ብርቅ ነው። ማስታወቂያው ለውጡ ከሚጀምርበት ቢያንስ 30 ቀን በፊት ይድረስ፤ አዲሱ ወርኃዊ ክፍያ በብር ይጻፍበት፤ ክፍያው ባለበት እንዲቆይና ዘመኑ እንዲራዘም የሚፈልግ ተበዳሪም ምርጫው ይሰጠው።

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ መግለጫ ላይ ቢያንስ ለመጀመሪያው ጥያቄ፣ ለሦስቱ ቁጥሮች፣ መልሳችሁን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በባንክ ብድርና በትሬዠሪ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች